የዝናብ ሻወር ለጠባብ መታጠቢያ፦ ክንዱ ምን ያህል ይርዘም? ከግድግዳ ይውጣ ወይስ ከኮርኒስ ይውረድ?

ሱቅ ገብቶ ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን የዝናብ ሻወር መግዛት ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ቤት ሲደርስ ነው። ስፋቱ 80 ሴ.ሜ በሆነ መታጠቢያ ውስጥ ክንዱ 10 ሴ.ሜ ቢያጥር ጀርባችሁ ከሚክሰሩ ጋር ይጋጫል። 10 ሴ.ሜ ቢረዝም ደግሞ ውሃው በሩን እየመታ ውጭ ያለውን ወለል ያጥለቀልቀዋል። ሰፊ መታጠቢያ እንዲህ ያለውን ስህተት ይችላል። ጠባቡ አይችልም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሻወሩን ራስ ይገዛል፣ ከዚያ አብሮት የመጣውን ክንድ ያስገጥማል፣ የት እንደሚቆም የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። እኛ በተቃራኒው እንሂድ። መጀመሪያ የምትቆሙበትን ቦታ፣ ቀጥሎ ውሃው የሚችለውን የራስ ስፋት፣ ከዚያ የክንዱን ርዝመት እንወስናለን። ኮርኒስ ወይስ ግድግዳ የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ራሱን በራሱ ይመልሳል።

ለምሳሌ የምወስደው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ነው። ሦስት ጎኑ ግድግዳ፣ ፊቱ የመስታወት በር ነው። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ስፋቱ 82፣ ርዝመቱ 118 ሴ.ሜ ነው። ሚክሰሩ ከበሩ ትይዩ ባለው የኋላ ግድግዳ ላይ ነው። ውሃው የሚመጣው ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር ነው።

የምትቆሙበትን ቦታ ፈልጉ

ሜትር ከመዘርጋታችሁ በፊት ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ ገብታችሁ ቁሙ። ፀጉር እንደሚታጠብ ሰው እጃችሁን አንሡ፤ ጎንበስ ብላችሁ እግራችሁን ንኩ፤ ሚክሰሩን ለመክፈት እጃችሁን ዘርጉ። ክርናችሁ የት እንደሚነካ፣ ጀርባችሁ ምን እንደሚገፋ ወዲያው ታያላችሁ። በጣም የሚመቻችሁን ቦታ ስታገኙ በሁለቱ እግሮቻችሁ መካከል ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። በቤቱ ውስጥ ከሁሉም ረጅምና ወፈር ያለው ሰውም እንዲሁ ይሞክር።

በምሳሌያችን ምልክቱ ያረፈው ከኋላ ግድግዳው 40 ሴ.ሜ ላይ ነው። ለምን እዚያ? የሰው ግማሽ ውፍረት ወደ 15 ሴ.ሜ ነው፣ ሚክሰሩ ደግሞ ከግድግዳው 8 ሴ.ሜ ያህል ይወጣል። ሁለቱ ከ40 ሲቀነሱ ከጀርባ 17 ሴ.ሜ ነፃ ቦታ ይቀራል፣ ይህ ይበቃል። 30 ሴ.ሜ ላይ ቢቆም የሚቀረው 7 ብቻ ነበር። ያኔ ሰውየው ሳሙና ለማንሣት ዞር ባለ ቁጥር ጀርባው የጋለ ብረት ይነካል።

የመታጠቢያው መሃል 59 ሴ.ሜ ላይ ነው። ምልክቱ ግን እዚያ አልወደቀም። በርና ሚክሰር ያለው ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው መቆሚያና የክፍሉ መሃል አንድ አይደሉም። «ፍሳሹ መሃል ነው፣ ሻወሩም መሃል ይሁን» የሚል ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ አትስሙት። ወለሉ ተዳፋት እስካለው ድረስ ውሃው ፍሳሹን ራሱ ያገኘዋል።

የራሱን ስፋት ውሃው ይወስን

የዝናብ ሻወር ብዙ ቀዳዳ አለው፣ ስለዚህ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። በታንከር የሚመጣ ውሃ ግፊቱን የሚያገኘው ከከፍታ ብቻ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል። ታንከሩ ከሻወሩ ራስ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ፣ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ የሚያገኘው 0.3 ባር ነው፤ ከዚያም ላይ ቧንቧውና ቫልቩ የድርሻቸውን ይወስዳሉ። በዚህ ግፊት 30 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ራስ አይዘንብም፣ ያንጠባጥባል። ምድር ቤት ያለው ጎረቤታችሁ ያው ሻወር አሪፍ ሆኖለት ይሆናል፣ እናንተ ጋ ግን እንደዚያ ላይሆን ይችላል።

መለኪያው ባልዲ ነው። የእጅ ሻወሩን ራስ ከቱቦው ንቀሉ። የቱቦውን ጫፍ 2 ሜትር አካባቢ ከፍ አድርጉና ውሃው ከዚያ በአየር ላይ ወርዶ መሬት ላይ ያለው ባልዲ ውስጥ ይግባ። ቱቦውን መልሳችሁ ወደ ታች ካጠፋችሁት ልኬቱ ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ወደ ታች የሚወርደው ውሃ የላዩን ይስበዋል፣ የዝናብ ሻወሩ የማያገኘውን ፍጥነት ያሳያችኋል። ሙቁንና ቀዝቃዛውን እንደምትታጠቡበት ቀላቅላችሁ ክፈቱ። ታንከሩ ግማሽ በሆነበት ሰዓት ብትለኩ ደግሞ ይበልጥ ታምኑታላችሁ።

10 ሊትር ባልዲ ከ45 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ከሞላ 25 ሴ.ሜ ራስ መውሰድ ይቻላል። ከ45 እስከ 75 ሴኮንድ ከፈጀ በ20 ሴ.ሜ ብትቆሙ ይሻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይ ፑምፕ አስገቡ ወይ በእጅ ሻወሩ ቀጥሉ፤ የክንድ ርዝመት መምረጡ ለጊዜው ትርጉም የለውም። በምሳሌያችን ባልዲው በ55 ሴኮንድ ሞላ። ስለዚህ የምንወስደው 20 ሴ.ሜ ነው። ለጠባብ ክፍልም የሚሻለው እሱ ነው፤ 30 ሴ.ሜ ራስ እዚህ ቢገባ ከትከሻ የሚፈናጠረው ውሃ በሙሉ ወደ በሩ ይሄድ ነበር።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እዚያ የሚሸጥ የሻወር ራስ በሕግ በደቂቃ ከ2.5 ጋሎን፣ ማለትም ከ9.5 ሊትር በላይ እንዳያፈስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ያም የተለካው ወደ 5.5 ባር በሚጠጋ ግፊት ነው። በእኛ ታንከር የሚወርደው ከዚያ በጣም ያንሳል። አንገቱ ውስጥ ውሃ የሚገድብ ትንሽ ቀለበት ካለ ማውጣት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ግማሽ ኢንች ጥርስና እዚህ የምንጠቀምበት ግማሽ ኢንች አንድ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። በኢንች ያለው የጥርስ ቁጥር እኩል 14 ስለሆነ ሁለት ሦስት ዙር በደንብ ይገባል። የጥርሱ ቅርፅ ስለሚለያይ ግን ከዚያ በኋላ ይጠብቃል፣ ሲያስገድዱትም ያፈስሳል። ክንዱንም ራሱንም ከአንድ አገር ግዙ።

ክንዱን ለኩ

አሁን ቁጥሩ በእጃችን ነው። የክንዱ ርዝመት ማለት ከተለጠፈው ሴራሚክ ፊት እስከ ራሱ መሃል ያለው ርቀት ነው። ምልክቱ 40 ላይ ስለሆነ የምንፈልገው 40 ሴ.ሜ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን በካርቶን ሞክሩት። 20 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ክብ ካርቶን ቁረጡ፣ መሃሉን በክር አስሩና ከኮርኒሱ በፕላስተር አንጠልጥሉት፤ ከወለሉ 210 ሴ.ሜ ከፍታ ላይ፣ ከምልክቱ ትክክል በላይ ይሁን። ቱንቢ ካላችሁ ከሥሩ አውርዱት። ሥሩ ቆማችሁ ያንኑ የመታጠብ እንቅስቃሴ ድገሙ። ካርቶኑ ከትከሻችሁ መሃል ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ ከሸሸ አንቀሳቅሱትና እንደገና ለኩ። ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፣ የሚያድነው ግን ሴራሚክ ነው።

ከዚያ የዳር ርቀቶችን አስሉ። መሃሉ 40 ላይ ያለ 20 ሴ.ሜ ራስ የፊት ጠርዙ 50 ላይ ይደርሳል፤ እስከ መስታወቱ 68 ሴ.ሜ ይተርፋል። በጎን በኩል ከ82 ግማሹ 41 ነው፤ 10 ሲቀነስ በየጎኑ 31 ሴ.ሜ ይቀራል። ጠርዙ ከጎን ግድግዳ ቢያንስ 15፣ ከበር ወይም ከመጋረጃ ደግሞ ቢያንስ 40 ሴ.ሜ እንዲርቅ እመክራለሁ። በሩ ከግድግዳው የበለጠ ርቀት የሚፈልገው ውሃው ቀጥ ብሎ ቢወርድም ትከሻ ላይ ሲያርፍ ወደ ጎን ስለሚበተን ነው። ግድግዳ ላይ ቢበተን ማንም አይጎዳም፣ የበሩን ክፍተት ግን ያልፈዋል።

ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። «40» የተባለው ክንድ አንዳንዴ የሚቆጠረው ከጥርሱ ጫፍ ጀምሮ ነው። ጥርሱ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ከ1.5 እስከ 2 ሴ.ሜ ይበላል። እናንተ ከግድግዳ መሸፈኛው ቀለበት እስከ ወደ ታች ዞሮ የሚወጣው አፍ መሃል ለኩ። የምትፈልጉት ልክ ከጠፋ ከረጅሙ ይልቅ በ2 ወይ 3 ሴ.ሜ የሚያጥረውን ውሰዱ። ራሱን ትንሽ አዘንብላችሁ ማካካስ ትችላላችሁ። ትንሽ ነው ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነ ቤት ራሱ ሲያዘነብል ውሃው በታችኛው ጠርዝ በኩል ብቻ ይወርዳል።

ከፍታው

የራሱ ታችኛ ፊት ከመታጠቢያው ወለል ከ205 እስከ 215 ሴ.ሜ ቢሆን ጥሩ ነው። ከረጅሙ ሰው አናት ቢያንስ 20 ሴ.ሜ ከፍ ይበል። ከ215 በላይ ሲሰቀል ውሃው ሰው ጋ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል፣ ይበተናልም። በታንከር ቤት ደግሞ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር 0.1 ባር ይወስዳል፣ ያለን 0.3 ከሆነ ይህ ቀላል አይደለም።

ግድግዳው ላይ ቧንቧው የሚወጣበት ከፍታ ከዚህ ይበልጣል። በምሳሌያችን 210 ላይ የራሱንና የመጋጠሚያውን ውፍረት 5፣ ክንዱ ወደ ታች የሚታጠፍበትን 6 ሴ.ሜ ስንጨምር 221 ይሆናል። ሴራሚክ ሳይለጠፍ ከሆነ ለባለሙያው የምትነግሩት ይህን ቁጥር ነው። «ከፍ አድርገው» ብቻ ብትሉት እሱ የለመደበት ቦታ ያወጣዋል።

ሴራሚኩ ተለጥፎ መውጫው 195 ላይ ከቀረ ቀጥ ያለው ክንድ ራሱን 184 ላይ ያደርሰዋል፤ ይህ ረጅም ሰውን ግንባሩን ይመታል። ያኔ ወደ ላይ ወጥቶ የሚታጠፈው፣ እንደ «ኤስ» ፊደል የተጠማዘዘው ክንድ ያዋጣል። የሚጨምረው ከፍታ ከሥሪት ሥሪት ስለሚለያይ እሱንም በሜትር ለክታችሁ ግዙ። ከሚክሰሩ ላይ በቀጥታ የሚቆመው ሙሉ የሻወር ዕቃም አማራጭ ነው፣ ግን የክንዱ ርዝመት አብሮ የመጣ ስለሆነ መቀየር አትችሉም። ሳጥኑ ላይ ያለውን ልክ ከምልክታችሁ ጋር ሳታስተያዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ኮርኒስ መቼ?

የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ የሚያስፈልገው ክንድ እስከ 40 ሴ.ሜ ከሆነና ቧንቧው በትክክለኛው ግድግዳ ላይ ካለ ከግድግዳ አውጡት። ርካሽ ነው፣ ሲበላሽም ማንም ይቀይረዋል። ኮርኒስ የሚያሸንፈው በሁለት ምክንያት ነው።

አንዱ ርዝመት ነው። ከ40 ሴ.ሜ ያለፈ ክንድ ጫፉ ላይ 2 ኪሎ የሚመዝን ራስ ሲሸከም ጉልበቱን የሚቀበለው ግድግዳው ውስጥ ያለው የቧንቧ ክርን ነው። ልጅ ተንጠልጥሎበት ወይ ሰው አዳልጦት ቢይዘው ደግሞ ይብሳል። ግድግዳው ክፍት ብሎኬት ከሆነና ክርኑ በጂፕሰም ብቻ የተያዘ ከሆነ ቀስ በቀስ ይላላል፤ ምልክቱ በቀለበቱ ዙሪያ የሚታይ ስንጥቅ ወይም ሁሌ እርጥብ የሆነ የሴራሚክ መገናኛ ነው። ሁለተኛው የቧንቧው ግድግዳ የተሳሳተ ቦታ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ሚክሰሩ ከበሩ አጠገብ ከሆነና ክንዱ ከዚያ ከወጣ ውሃው በሩ ሥር ይወድቃል። ከኮርኒስ ሲወርድ ግን ራሱን ከምልክቱ ትክክል በላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ግድግዳ አያግደውም።

የወራጁ ርዝመት ስሌቱ አጭር ነው። ያለቀለት ኮርኒስ 246 ላይ ከሆነ፣ 210 ስንቀንስ 36፤ የራሱን 5 ስንቀንስ 31 ሴ.ሜ። የ30ውን ክንድ ብንገዛ ራሱ 211 ላይ ያርፋል፣ ምንም አይደለም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ሶሌታውን አትንኩ። ውስጡ ብረት አለ፣ ከላዩ ደግሞ የጎረቤት ወለል ነው። መንገዱ ቧንቧውን በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ አውጥቶ በሶሌታው ሥር አግድም መውሰድ፣ ከዚያ የጂፕሰም ኮርኒስ አውርዶ መሸፈን ነው። ለዚህ ከ8 እስከ 10 ሴ.ሜ ይበቃል። 246 የተባለው ይህ ከተቀነሰ በኋላ ያለው ነው። ክርኑ በብረት ማሰሪያ ከሶሌታው ጋር ይታሰር፣ ጂፕሰሙ ክብደት አይሸከምም። ቦርዱም እርጥበት የሚቋቋመው ዓይነት ይሁን። ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት የቧንቧው ጫፍ በታፓ ተዘግቶ ውሃ እንደተለቀቀበት አንድ ሙሉ ቀን ይደር። ከዚያም መገናኛውን የሚያሳይ፣ እጅ የሚያስገባ ትንሽ ክፍት በር እንዲተውላችሁ ጠይቁ። ባለሙያው «አያምርም» ይላል። አለማማሩን ቻሉት።

ሲገጠም

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የክርኑ ጥልቀት ነው። አፉ ከሴራሚኩ ፊት ጋር እኩል ወይም ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ያለ መሆን አለበት። ሴራሚክና ማጣበቂያው አንድ ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሴ.ሜ ስለሚይዙ ክርኑ ከብሎኬቱ ያን ያህል ወጣ ብሎ መቀበር ይኖርበታል። ጠልቆ ከቀረ የክንዱ ጥርስ ሁለት ዙር ብቻ ይይዛል፣ ያኔ ማራዘሚያ ኒፕል ያስፈልጋል። ቴፍሎን ጨምሮ ማለፍ መፍትሔ አይደለም፤ ፍሳሹ ከሴራሚኩ በስተኋላ ስለሚሆን የምታውቁት የታችኛው ጎረቤት ሲያንኳኳ ነው።

ክንዱ ከመገጠሙ በፊት ውሃውን ለቃችሁ አሸዋውንና የፕላስቲክ ፍርፋሪውን አስወጡ፣ አለዚያ የራሱ ቀዳዳዎች በመጀመሪያው ቀን ይደፈናሉ። ቴፍሎኑን ጥርሱ ወደ እናንተ ዞሮ በሰዓት አቅጣጫ አስር ዙር ያህል ጠምጥሙ። በእጅ አጥብቃችሁ መጨረሻውን ክሮሙ እንዳይጫር በጨርቅ ተሸፍኖ በቁልፍ ጨርሱት። አፉ ትክክል ወደ ታች መመልከት አለበት። ትንሽ ካለፈ ወደ ኋላ አትመልሱት፤ ቴፍሎን ወደ ኋላ ሲዞር ማተሙ ይፈርሳል። ንቀሉት፣ ጨምራችሁ ጠምጥሙና እንደገና ጀምሩ።

ራሱ ሲገባ ውሃ ልክ ከላዩ አስቀምጡ። ከዚያ ውሃ ሳትከፍቱ በቀለበቱ ሥር ደረቅ ሶፍት ጠቅልሉ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ ከፍታችሁ ተመልከቱት። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ቀለበቱን ሰድራችሁ ዙሪያውን ሲልከን አድርጉ፣ ከታች በኩል ግን ትንሽ ክፍተት ተዉ፤ ወደፊት ቢያፈስስ ውሃው ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ እናንተ እንዲወጣ።

ሻወሩ ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ቢያንጠባጥብ አትደንግጡ፤ ሰፊ ራስ ውስጡ የቀረውን ውሃ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ሌሊቱን ሙሉ ካንጠባጠበ ግን ችግሩ ከራሱም ከክንዱም አይደለም። የሚክሰሩን ካርትሪጅ አስቀይሩ።